ለሲኒየር አካውንታንት ቦታ፦ ስለጠየቁኝ ደመወዝ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሰላም፣

ትናንት ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። «የሚጠብቁትን ደመወዝ በቁጥር ያሳውቁን» ብለውኛል። «በስምምነት» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን የሁለታችንንም ጊዜ መብላት ነው የሚሆነው።

የምጠብቀው በወር ከ48,000 እስከ 56,000 ብር ነው፤ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ። ይህን ለይቼ የምጽፈው አንዱ ስለ ግሮስ፣ ሌላው ስለ ኔት እያወራ ቅጥር ደብዳቤ ላይ የተደረሰበት ጊዜ ስላጋጠመኝ ነው። አሁን ባለው የደመወዝ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገንዘብ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። 7 በመቶ ጡረታ ሲጨመር፣ ከ48,000ው እጄ የሚገባው 29,890 ብር ነው።

በዚህ መሃል የቱ ጋ እንደሚያርፍ የሚወስነው የሥራው ስፋት ነው። ቦሌ ያለውን ቢሮ ሒሳብ ብቻ የምይዝ ከሆነ 48,000 ብር ደስ ብሎኝ የምጀምርበት ነው። የቃሊቲው መጋዘን ቆጠራና የኢምፖርት ዕቃ ዋጋ ስሌትም ከተጨመረ ግን ወደ 56,000 ይጠጋል። ማስታወቂያው ላይ «የኢምፖርት ሒሳብ» የሚል ስላየሁ ነው ይህን ያነሳሁት።

ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። አስመጪ ድርጅት ውስጥ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ኤልሲ የከፈትንበት ተመንና ክፍያው የተጠናቀቀበት ተመን ሰማይና ምድር ሆኑ። ያኔ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና ከባንክ አድቫይሱ ጋር እያመሳከርኩ እንደገና ያሰላሁት እኔ ነኝ። በዓመቱ መዝጊያ ኦዲተሮቹ የስቶክ ቁጥራችንን ሳያስተካክሉ ተቀብለውታል።

ፎርሙ ላይ የአሁኑን ደመወዜን የሚጠይቀውን ቦታ ሳልሞላ ትቼዋለሁ። የዛሬ 3 ዓመት የተስማማሁበት ነው። ከዚያ ወዲህ ኃላፊነቴም ኑሮውም ተለውጧል፤ ለዚህ ቦታ መለኪያ ባይሆን እመርጣለሁ።

የያዛችሁት በጀት ከዚህ ዝቅ ካለ፣ እባክዎ መጠኑን ይንገሩኝ። የቤተሰብ ሕክምና፣ የትራንስፖርት አበል ወይም የዓመት ቦነስ ካለ አንድ ላይ አይቼ በማግስቱ እመልስልዎታለሁ። ደመወዙ ብቻውን ከሆነ ግን ከ48,000 በታች መውረድ ይከብደኛል።

ለአሁኑ መሥሪያ ቤቴ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። ለቃለ መጠይቅ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከ11:00 ሰዓት በኋላ ይመቸኛል። በስልክ ከሆነ በምሳ ሰዓት፣ ከ6:30 እስከ 7:30 ቢደውሉ አነሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ትዕግሥት