የጋብቻ ውል

ይህ ውል በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 42 መሠረት፣ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሚፈጸመው ጋብቻ በፊት፣ ጥር 7 ቀን በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ በወ/ሪት ሰላማዊት (ሚስት) እና በአቶ ዮናስ (ባል) መካከል ተደረገ።

1. ሚስት ከአባቷ የወረሰችው በብሎኬት ማምረቻው ያላት 60 በመቶ ድርሻ የግል ሀብቷ ነው። ቀሪው 40 በመቶ የወንድሟ ነው። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 የተዘጋው ሒሳብና የማሽኖች ዝርዝር ተያይዟል።

2. በሕጉ የግል ንብረት ገቢም የጋራ ስለሆነ፣ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የሚስት የሥራ አስኪያጅነት ደመወዝ፣ ወር 25,000 ብር፣ እና የተከፋፈለ ትርፍ የጋራ ናቸው። በባለድርሻዎች ቃለ ጉባኤ ለሲሚንቶና ለማሽን ግዢ የተያዘ ትርፍ ግን የግሏ ነው። ደመወዙን ቀንሶ ትርፍ ማከማቸት አይፈቀድም።

3. ከጋራ ሒሳብ ወደ ማምረቻው የሚገባ ገንዘብ ሁለቱ በፈረሙበት ሰነድ ብድር ይሆናል፤ ፍቺ ቢመጣ ለጋራ ሀብት ይመለሳል።

4. ባል በማምረቻው ቢሠራ ደመወዝ ይከፈለዋል እንጂ ድርሻ አያገኝም። ለድርጅቱ ብድር የመኖሪያ ቤት በመያዣነት የሚሰጠው ሁለቱም ሲፈርሙ ብቻ ነው።

5. ሌላው በጋብቻ ውስጥ የሚፈራ ንብረት እኩል የጋራ ነው።

ከባል ወገን ሁለት፣ ከሚስት ወገን ሁለት ምስክሮች ፈርመዋል። አንድ ቅጂ ለክብር መዝገብ ሹም ይሰጣል።