ምንባቡ ረዘመ ብለሽ አትደንግጪ

ሳምሪዬ፣ እንዴት ነሽ? ትናንት በቴሌግራም የላክሽልኝን የሞዴል ፈተና አየሁት። ግራመሩ ላይ ጎበዝ ነሽ፣ ነጥቡ የሚሄድብሽ ምንባቡ ላይ ነው። "ስጨርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል" ያልሽኝ ግን የእንግሊዝኛ ችግር አይመስለኝም። ሁሉንም በጭንቅላትሽ ልትይዢ ስለምትታገይ ነው። ለምን? ወረቀቱ እኮ ፊትሽ ነው። የቱ ነገር የት እንዳለ ካወቅሽ ይበቃል።

ያንን የእምቦጭ ምንባብ እንውሰድ። አንዱን አንቀጽ አንብበሽ እንደጨረስሽ ዳር ላይ በእርሳስ አንድ ሁለት ቃል ጣል አድርጊ፣ ያውም በአማርኛ፣ ማንም አያርመውም። የመጀመሪያው አረሙ ከደቡብ አሜሪካ እንደመጣ ነው የሚያወራው፣ "ከየት" በይው። ሁለተኛው ጀልባ ማገዱን፣ ዓሣ አጥማጁን ማስቸገሩን፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ኦክስጅን ማጣቱን ይዘረዝራል፤ "ጉዳት"። ሦስተኛው "ሃውኤቨር" ብሎ ይጀምራል። እሷን ቃል ክበቢያት! ወሬው እዚያ ጋ ነው የሚገለበጠው፤ ባዮጋዝና ማዳበሪያ ሊወጣው እንደሚችል ይነግርሻል። የጸሐፊውን አቋም የሚጠይቀውን የሳትሽው ጉዳቱን ብቻ ይዘሽ ስለሄድሽ ነው።

የማታውቂው ቃል ሲመጣ አትቁሚ። "ፕሮሊፈሬት" ላይ ሦስት ጊዜ አስምረሻል፣ ግን ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል ይላል። በቃ፣ መባዛት ነው። "ኢት" ምንን ይተካል ሲሉሽም አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ላይ ውጪና የገመትሽውን ስም ቦታው ላይ ከተሽ አንብቢው፤ ካላስኬደ ሌላ ሞክሪ።

ጥያቄዎቹን አስቀድመሽ ማየት ጥሩ ነው፣ ምርጫዎቹን ግን ተያቸው። ከአራቱ ሦስቱ ውሸት ናቸው፣ ውሸት ደግሞ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል። "ኖት" እና "ኤክሴፕት" ካየሽ ወዲያው አስምሪባቸው።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ይሄ በጣም ያሳቀኝ ነው። ጥያቄ 6 ላይ "ገበሬዎች በእጃቸው ይነቅሉታል" የሚለውን መርጠሻል። እውነት ነው! ደምቢያ አያታችን ጋ ስንሄድ በዓይናችን አይተናል። ምንባቡ ግን እንደዚያ አላለም፣ ጥያቄው ደግሞ "እንደ ምንባቡ" ነው የሚለው። በደንብ የምታውቂው ርዕስ ሲመጣ ይበልጥ ተጠንቀቂ፣ ምክንያቱም ያላነበብሽውን ያነበብሽ ይመስልሻል። እያንዳንዱን መልስ ስትመርጪ ጣትሽን መስመሩ ላይ አድርጊ። የምታሳዪበት መስመር ከሌለሽ መልሱ ከራስሽ የመጣ ነው።

ሰዓት አትያዢ ለጊዜው። መጀመሪያ ልመጂው፣ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል። ቅዳሜ አንድ ምንባብ ሠርተሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን ዳር ላይ የጫርሽውንም። ለእማዬ በሶው ደርሶኛል በያት፣ የዶርም ልጆች ግን ግማሹን ጨርሰውታል።

ወንድምሽ አቤል
ከጅማ