ለማህፀንና ጽንስ ሐኪሜ፦ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት

ባሕር ዳር
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር፣

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ከባለቤቴ ጋር እርስዎ ዘንድ ቀጠሮ አለን። ልጅ ፈልገን አላገኘንም። ሐኪም ፊት ስቀመጥ ጊዜው አጭር ነው፤ ሰው ደግሞ ዋናውን ነገር የሚያስታውሰው ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪኬን አስቀድሜ ጽፌ በፖስታ አሽጌ ልኬያለሁ። ያሸግኩት በምክንያት ነው፦ ስለ 2004 ዓ.ም. የጻፍኩትን ባለቤቴ አያውቀውም። እርሱ ባለበት እንዳያነሱብኝ አደራ እላለሁ። ለብቻዬ ከጠየቁኝ ግን ሁሉንም እመልሳለሁ።

ዕድሜዬ 33 ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክብደቴ 62 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ61 ነው። የደሜ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ፣ የባለቤቴ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ዘጌ ነው፤ እንደ ሐይቁ ዳር ልጆች ሁሉ ቢልሃርዚያ ይዞኝ በትምህርት ቤት ኪኒን ውጬ ድኛለሁ። እናቴ እንቅርት አለባት፤ በእኔ ግን የታይሮይድ ምርመራው ደህና ነው ተብሏል። በቤተሰባችን የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው የለም። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ ጫት አልቅምም። ቡና እጠጣለሁ፤ የዘጌ ልጅ ቡና አልጠጣም ብትል ማን ያምናታል።

የወር አበባ ያየሁት በ14 ዓመቴ ነው። ያኔም ቢሆን በየወሩ በቀኑ የሚመጣ አልነበረም። አሁን ከ34 እስከ 37 ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፤ አምስት ቀን ይቆያል፤ በመጀመሪያው ቀን ወገቤን ያመኛል እንጂ አልጋ ላይ አያውለኝም። ማእድ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የሚመጣበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከብበዋለሁ፤ ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ለመቁጠር ይመቻል፣ ጳጉሜን ብቻ ታሳስታለች። በ20ኛውና በ22ኛው ቀን መካከል እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ፈሳሽ አያለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አገጬ ሥር ጥቂት ወፍራም ፀጉር ይበቅላል፣ እነቅለዋለሁ።

በ2004 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አርግዤ ነበር። ጽንሱ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው በጤና ተቋም በተሰጠኝ ኪኒን ተቋረጠ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ይዞኝ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽም ስለነበረኝ፣ ማህፀኔ ተጠርጎ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ወስጃለሁ። ለኔጌቲቭ ደም የሚሰጠው መርፌ ግን አልተሰጠኝም፤ የደሜን ዓይነት ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ላዝንበት ወይም እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ ማርገዝ እንደምችል፣ ደግሞም ከዚያ በኋላ ቱቦዎቼ ላይ ጠባሳ ሊኖር እንደሚችል እንዲያውቁ ነው።

ስለ ቱቦዎቼ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነገር በ2009 ዓ.ም. የሆነው ነው። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ መግል ሆዴ ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ነው ቀዶ ሕክምና የተደረገልኝ። ከቀኝ ወገን ያለው ጠባሳ ረዘም ያለ ነው፤ ሲያዩት ይገባዎታል። ያኔ የታከምኩበት ወረቀት በእጄ የለም።

በ2013 ዓ.ም. ጥር ተጋባን። ሥራ እስክደላደል ብለን የሦስት ወሩን መርፌ አንድ ዓመት ያህል ተወጋሁ። ካቆምኩ በኋላ የወር አበባዬ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር፤ ነርሷ ይህ በመርፌው የሚጠበቅ ነው አለችኝ፣ እውነቷንም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ምንም መከላከያ አልተጠቀምንም። በግንኙነት ጊዜ ሕመም የለኝም። ሁለታችንም ለኤች አይ ቪ ተመርምረን ነፃ ነን።

አሁን ወደ ቀኖቹ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ይመለሳል፤ መንገድ ሲዘጋም በሄደበት ይሰነብታል። ቤት የሚያድርበትን ቀን እርሱ ራሱ አያውቀውም። ሁዳዴን ሙሉ ደግሞ እንደ ሥርዓቱ አብረን አናድርም፤ የነቢያት ጾምም እየገባ ነው። በዚህ ላይ ቀደም ሲል ያየኝ ሐኪም «14ኛውን ቀን አትለፉት» ብሎን ነበር። 14ኛው ቀን የ28 ቀን ዑደት ላላት ሴት ነው። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድሞ ከሆነ፣ የእኔ ወደ 21ኛው ቀን ይጠጋል። ይህን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስረዳለሁ፤ በራሴ ላይ ሲሆን ግን ሐኪሙን ለመሞገት ድፍረት አጣሁ። ስለዚህ «ከሦስት ዓመት በላይ ሞክረዋል» ተብሎ ሲጻፍ፣ በትክክለኛው ቀን የተገናኘንባቸው ወራት ጥቂት መሆናቸውን ያስቡልኝ።

የተደረጉልኝ ምርመራዎችም እንዲሁ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በአልትራሳውንድ በሁለቱም ወገን ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች ታይተዋል፤ ማህፀኔ ደህና ነው ተብሏል። ፕሮላክቲን ደህና ነው። ፕሮጄስትሮን ግን በ21ኛው ቀን ተለክቶ ዝቅ ስላለ «እንቁላል አይወጣሽም» ተባልኩ። የእኔ ዑደት 35 ቀን ከሆነ መለካት የነበረበት ወደ 28ኛው ቀን አልነበረምን? በዚያ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ክሎሚፊን 50 ሚሊ ግራም ለተከታታይ ወራት ታዘዘልኝ። ፊቴን ከማንደድና ራሴን ከማሳመም በቀር ያየሁት ለውጥ የለም፤ በመካከሉ በአልትራሳውንድ የተከታተለኝም አልነበረም። አሁን የምወስደው ፎሊክ አሲድ ብቻ ነው። አማቴ የቀቀለችልኝን ሥር አንድ ጊዜ ጠጥቼ ስላስመለሰኝ አልደገምኩትም። ፀበል እጠመቃለሁ፤ እርሱን አላቋርጥም።

ስለ ባለቤቴ። 36 ዓመቱ ነው፤ ከእኔ በፊት ልጅ አልወለደም። በ16 ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት አንደኛው ፍሬው አብጦ እንደነበር እናቱ ናት የነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ የሞተር ሙቀት ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ሲጋራም ያጨሳል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ግን አድርጎ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ ብቻውን በጀልባ ተሻግሮ እምነት አምጥቶልኛል፤ ለእኔ ሐይቅ ያቋርጣል፣ ለራሱ የላብራቶሪ በር ማለፍ አቃተው። እኔ ስለው ይቆጣል። ከእርስዎ አፍ ሲሰማው፣ ያውም ለሁለታችንም የተለመደ የመጀመሪያ ምርመራ ነው ብለው ሲያዙ፣ እሺ ይላል ብዬ አምናለሁ። ከምርመራው በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል ስለሚባል፣ ረቡዕ ለዚያ ዝግጁ ሆኖ እንዲመጣ ከመንገድ መልስ ያለውን ጊዜ አመቻችቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

የምለምንዎት ይህን ነው፦ የእርሱ ምርመራና የእኔ ቱቦ ራጅ ሳይታይ ሌላ ዙር ኪኒን እንዳይጀመርልኝ። ራጁ የሚነሣው የወር አበባ ካበቃ በኋላ እንቁላል ሳይወጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የመጨረሻው የወር አበባዬ የጀመረው ጥቅምት 29 ነው፣ ስለዚህ በዚህ ወር ይደርስ እንደሆነ ወይም ወደሚቀጥለው ይተላለፍ እንደሆነ እርስዎ ይወስኑ። የደሜን ጉዳይም ፀረ እንግዳ አካል ፈጥሬ እንደሆነ ለማወቅ ምርመራ ካስፈለገ ብቻዬን ስሆን ቢያዙልኝ ደስ ይለኛል።

ውጤት ሲደርስ በእኔ ስልክ ብቻ ይደወልልኝ፤ በካርዱ ላይ የተመዘገበው ሁለተኛው ቁጥር የአማቴ ነው፣ እባክዎ ያሰርዙልኝ። የአልትራሳውንዱን፣ የታይሮይዱን፣ የፕሮላክቲኑንና የፕሮጄስትሮኑን ወረቀት ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ትዕግሥት