ለቅዳሜው የፎቶ ልምምድ የፍሬም አያያዝ መመሪያ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ፒያሳ እንገናኛለን። ከቤት ሳትወጡ የስልካችሁን ካሜራ ሴቲንግ ከፍታችሁ Grid የሚለውን አብሩ። ሁለት ቁም፣ ሁለት አግድም መስመሮች ስክሪኑን 9 ቦታ ይከፍሉታል።

ጦሳን ስታነሱ ተራራውና ሰማዩ ፍሬሙን እኩል አይካፈሉት፤ ዓይን የቱን እንደሚያይ ይቸግረዋል። ተራራው ዋና ጉዳያችሁ ከሆነ ሁለት ሦስተኛውን ስጡት፤ ደመናው ካማረ ደግሞ ለሰማዩ አዳሉ። ሰው ከሆነ ዓይኑን መስመሮቹ ከሚገናኙባቸው ከላይኞቹ ሁለት ነጥቦች ባንዱ አጠገብ አድርጉት። በርና ደረጃ ፊት ለፊት ስታነሱ ግን መሃል ማስቀመጡ ያምራል፤ ደንቡን ያኔ ተዉት።

ሰው ከማንሳታችሁ በፊት ማስፈቀድ አይቀርም። «እናቴ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ።

የጠዋት ጉም ካገኘን ቶሎ ተጠቀሙበት፣ ብዙ አይቆይም። ጋቢ የለበሰ አንድ ሰው ብቻ ፍሬሙ ጥግ ላይ ይግባ፣ የቀረውን ለጉሙ ልቀቁለት። ባዶው ቦታ ሰውየው በሚሄድበት ወይም በሚያይበት በኩል ይሁን፤ ከጀርባው ከሆነ ከፍሬሙ ሊወጣ የተቃረበ ይመስላል። ባዶ ስንል የእውነት ባዶ ነው። አንዲት የመብራት ሽቦ ወይም የምሰሶ ጫፍ ከገባች ዓይን እሷን ይዞ ይቀራል፣ ስለዚህ አንድ እርምጃ ተጠጉ ወይም ቁጢጥ በሉ። ካሜራው ጉሙን ግራጫ ያደርግባችኋል፤ ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ባዶ ቦታ መተው ነው፣ እጃችን ባዶውን ሁሉ መሙላት ይወዳል።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ አስፋልት ዓይንን የሚወስድ መሪ መስመር ለመለማመድ የተሠራ ይመስላል። ከመንገዱ ወጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ያዙ (ለፎቶ ብላችሁ መታጠፊያ ላይ እንዳትቆሙ፣ ሲኖትራክ አይጠብቃችሁም)። መንገዱ ከፍሬሙ ታችኛ ጥግ ይጀምር፣ መጨረሻው ላይም የሚታይ ነገር ይኑር፤ ባጃጅም፣ አህያ የሚነዳ ልጅም ይሆናል። ዓይንን ወስዶ ከፍሬም ውጭ የሚጥል መስመር ጥቅም የለውም፤ የሚያልፍ እስኪመጣ ጠብቁ። ከሩቅ ቆማችሁ 2x ላይ ብታነሱት መታጠፊያዎቹ ተደራርበው ይታያሉ።

ሚዛንን በመጠን ብቻ አትለኩት። ግራ በኩል ትልቅ ጥቁር ግድግዳ ቢኖር ቀኝ በኩል አንዲት ቢጫ ጀሪካን ልትመክተው ትችላለች፣ ደማቅ ቀለም ክብደት አለውና። ኮምቦልቻ ገበያ ስንገባ ይህን ሞክሩት። ግርግሩ ከበዛባችሁ ዝቅ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ ሰማዩ ጀርባውን ያጸዳላችኋል።

እስከ እሁድ ማታ እያንዳንዳችሁ 5 ፎቶ በቴሌግራም ግሩፓችን ላኩ። አትቁረጡት፣ ፊልተርም አትጨምሩበት። ጥራቱ እንዳይወርድ እንደ ፎቶ ሳይሆን File አድርጋችሁ ላኩት።