መልእክቱ የሚሻገረው በባሕር ሥር ነው፦ የማብራሪያ ቪዲዮ ትረካ ከነምስሉ

ለተራኪና ለኤዲተር፦ ትረካው የተጻፈው ያለንን ቀረጻ በሙሉ ካየሁ በኋላ ነው። በእጃችን ያሉት ዘጠኝ ክሊፖች፣ ሦስት የቆዩ ሥዕሎች፣ አንድ የኬብል ቁራጭ የቅርብ ፎቶ፣ ከጠፈር የተነሳ አንድ ቀረጻና ሁለት አኒሜሽኖች ናቸው። ምስል ያጣሁለትን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ ስለ ኬብሎቹ ባለቤቶችና ስለ ወጪው አንድም ቃል የሌለው ለዚህ ነው። ዓረፍተ ነገር ቦታ ከቀየረ ምስሉም አብሮት ይሂድ። "እ.ኤ.አ." የተጻፈው "በአውሮፓውያን አቆጣጠር" ተብሎ ይነበብ፤ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ ዓመቱ ብቻ ይበቃል።

ምስል፦ ክሊፕ 1። ስልክ የያዘ እጅ፣ አውራ ጣት መልእክት ሲልክ።
ትረካ፦ ይህ መልእክት ውቅያኖስ ሊሻገር ነው።

ምስል፦ የክሊፕ 1 መጨረሻ። ካሜራው ከእጁ ተነስቶ ወደ ሰማይ ሲያቀና።
ትረካ፦ ብዙዎቻችን ወደ ላይ ወጥቶ በሳተላይት የሚያልፍ ይመስለናል።

ምስል፦ ክሊፕ 2። የባሕር ዳርቻ፤ ከአሸዋው ወጥቶ ውኃው ውስጥ የሚገባ ጥቁር ኬብል።
ትረካ፦ መንገዱ ግን ይህ ነው።

(ኬብሉ "ይህ" ከሚለው ቃል ጋር እኩል ይታይ። በግማሽ ሰከንድ እንኳ ከቀደመ ጨዋታው ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰከንድ የማዕበል ድምፅ ብቻ።)

ምስል፦ አኒሜሽን 1። የዓለም ካርታ፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ከአህጉር ወደ አህጉር ሲሰመሩ።
ትረካ፦ በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚጓዘው በባሕር ወለል ላይ በተዘረጉ ኬብሎች ነው። ሳተላይት ኬብል ላልደረሰበት መንደር፣ ለመርከብና ለአውሮፕላን ትልቅ ባለውለታ ነው። ዋናውን ጭነት የተሸከሙት ግን እነዚህ መስመሮች ናቸው።

(በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ካርታው ይቁም፤ አዲስ መስመር አይጨመር። ተመልካች የሚንቀሳቀሰውን እያየ የሚነገረውን አይሰማም።)

ምስል፦ የኬብል ቁራጭ ፎቶ። ሙሉው፣ ከእጅ መዳፍ ላይ።
ትረካ፦ በጥልቅ ባሕር የሚተኛው ኬብል የአትክልት ማጠጫ ጎማ ያህል ነው የሚወፍረው።

ምስል፦ ያው ፎቶ። ካሜራው ከውጭ ወደ መሐል ቀስ እያለ ሲገባ፤ በየንብርብሩ ላይ ቆም ይበል።
ትረካ፦ ከላይ ያለው ጥቁሩ ፕላስቲክ ውኃ አያስገባም። ቀይ ሆኖ የሚታየው መዳብ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሱ ነው። የብረት ሽቦዎቹ ኬብሉ ሲጎተት እንዳይበጠስ ይይዙታል። መሐል ላይ ደግሞ፣ በቅባት ውስጥ ተነክረው፣ የመስታወት ክሮቹ አሉ። የአንዱ ክር ውፍረት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው። መልእክታችን ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

(ይህ ክፍል እንዳይቸኩል። የፎቶው ጥራት በጣም ጥሩ ስለሆነ እስከ ክሮቹ ድረስ ቢቀርብ አይበላሽም። በአራቱ ንብርብሮች ላይ ቀስትም ጽሑፍም አያስፈልግም፤ ድምፁ ራሱ እየጠቆመ ነው።)

ምስል፦ አኒሜሽን 2። ብርሃን በክሩ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተንጸባረቀ ሲሄድ።
ትረካ፦ ፊደሉም፣ ፎቶውም፣ ድምፁም ወደ ብርሃን ብልጭታ ይለወጣል። ብርሃኑ የክሩን ጠርዝ ሲነካ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ተንጸባርቆ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ምስል፦ ክሊፕ 3። በመርከብ ወለል ላይ ረጅም የብረት ሲሊንደር ከኬብሉ ጋር ተያይዞ ሲንሸራተት።
ትረካ፦ ብርሃኑ ሩቅ ሲሄድ ግን ይደክማል። ስለዚህ በየ60፣ በየ80፣ አንዳንዴም በየ100 ኪሎ ሜትሩ እንዲህ ያለ ማጉያ ይገጠማል።

ምስል፦ ክሊፕ 3 ይቀጥላል። ሲሊንደሩ ወደ ውኃው ሲወርድ።
ትረካ፦ የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከየብስ፣ ቅድም ባየነው መዳብ በኩል ነው።

(ቀጥሎ ያለው ታሪክ በፍጥነት ያልፋል። ሦስት ሥዕል ብቻ ስላለን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ለስልክ ኬብሎቹ ዘመን ምንም ምስል የለንም፤ ዘለልነው።)

ምስል፦ ሥዕል 1። በሸራና በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ኬብል ሲዘረጉ።
ትረካ፦ እ.ኤ.አ. በ1858 አትላንቲክን ያቋረጠው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ኬብል የንግሥት ቪክቶሪያን የ98 ቃል መልእክት ለማድረስ 16 ሰዓት ያህል ፈጅቶበት፣ በሳምንታት ውስጥ ድምፁ ጠፋ።

ምስል፦ ሥዕል 2። ግዙፏ መርከብ ግሬት ኢስተርን።
ትረካ፦ በ1866 ይህች መርከብ የዘረጋችው ግን ጸና።

ምስል፦ ሥዕል 3። የአትላንቲክ ካርታ፣ አንድ መስመር የተሰመረበት።
ትረካ፦ በ1988 በዚሁ ውቅያኖስ ሥር የመጀመሪያው የመስታወት ክር ኬብል ሥራ ጀመረ።

ምስል፦ ክሊፕ 4። ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ከባድ መረብ ከባሕሩ ወለል ስትጎትት።
ትረካ፦ በዓለም ዙሪያ በዓመት ከ150 እስከ 200 የሚሆኑ የኬብል ብልሽቶች ያጋጥማሉ። ሻርክ ነው የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ከአሥሩ ሰባቱን ወይም ስምንቱን የሚያደርሰው ግን እንዲህ ያለ መረብ ነው፣

ምስል፦ የክሊፕ 4 ሁለተኛ ክፍል። መልሕቅ ከመርከብ ሲለቀቅ።
ትረካ፦ ወይም እንዲህ ያለ መልሕቅ።

(ዓረፍተ ነገሩ ሆን ተብሎ በሁለት ምስል ተከፍሏል። ተራኪው ትንፋሹን ሳይጨርስ ይያዘው፤ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ነው የሚቀጥለው። የሰንሰለቱን የራሱን ድምፅ አትቀንሱት።)

ምስል፦ ከጠፈር የተነሳ ቀረጻ። ከውቅያኖሱ መሐል የሚፈነዳ የእሳተ ገሞራ ደመና።
ትረካ፦ አንዳንዴ ተፈጥሮም ይበጥሰዋል። በጥር ወር 2022 በቶንጋ አጠገብ የፈነዳው ይህ እሳተ ገሞራ አገሪቱን ከዓለም የሚያገናኘውን ኬብል ቆረጠው። ሕዝቡ ኬብሉ እስኪጠገን አምስት ሳምንት ገደማ ጠበቀ።

ምስል፦ ክሊፕ 5። የኬብል መርከብ ከወደቡ ስትወጣ።
ትረካ፦ ጥገናው የሚጀምረው ግን መርከቧ ሳትነሳ ነው። የብስ ላይ ያሉ ባለሙያዎች በክሩ ውስጥ ብርሃን ይልኩና ከብልሽቱ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይለካሉ። ከ10 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ፣ ደርሶ መልስ 2,000 ኪሎ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው፤ ብልሽቱ ያለው 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

(የመለኪያ ክፍሉ ቀረጻ የለንም። መርከቧ ከወደብ ስትርቅ የሚያሳየው ክሊፕ ረጅም ስለሆነ ቁጥሮቹን ይሸከማል፤ "10 ሚሊ ሰከንድ"፣ "2,000" እና "1,000" በስክሪኑ ጥግ ይጻፉ። በሌላ ቦታ ቁጥር በስክሪን ላይ አይውጣ።)

ምስል፦ ክሊፕ 6። ባለ ብዙ ጥፍር መንጠቆ በሰንሰለት ወደ ውኃው ሲወርድ።
ትረካ፦ እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው ወደ ጥንቱ ይመለሳል። መንጠቆው እስከ ወለሉ ለመድረስ ብቻ ሰዓታት ሊፈጅበት ይችላል።

ምስል፦ ክሊፕ 6 ይቀጥላል። ሁለት ሠራተኞች የተወጠረውን ገመድ እያዩ ሲጠብቁ።
ትረካ፦ መርከቧ የኬብሉን መስመር እያቋረጠች መንጠቆውን በዝግታ ትጎትታለች። ገመዱ ላይ ያለው ክብደት ሲጨምር፣ የሆነ ነገር ተይዟል።

(የፊታቸው ሁኔታ የሚለወጥበት ቦታ 0:31 ላይ ነው። "ተይዟል" እዚያ ላይ ይውደቅ።)

ምስል፦ ክሊፕ 7። ኬብሉ ጭቃ ለብሶ በመርከቧ አፍንጫ በኩል ሲወጣ።
ትረካ፦ ጥልቅ ባሕር ላይ ኬብሉ ሳይቆረጥ እስከ ላይ አይደርስም፤ የሚበቃ ትርፍ ርዝመት የለውም። ስለዚህ እታች ይቆረጥና ጫፎቹ በየተራ ይወጣሉ። ይህ የመጀመሪያው ነው።

ምስል፦ የክሊፕ 7 መጨረሻ። ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ወደ ባሕሩ ሲጣል።
ትረካ፦ ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከተንሳፋፊ ጋር ታስሮ ይቆያል፤ መርከቧም ሁለተኛውን ጫፍ ፍለጋ ትሄዳለች።

ምስል፦ ክሊፕ 8። ንጹሕ ክፍል ውስጥ ጓንት ያጠለቁ እጆች የመስታወት ክር ሲላጩና ማሽን ውስጥ ሲያስገቡ። በጣም ቅርብ።
ትረካ፦ የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ በምትኩ አዲስ ኬብል ይቀጠላል። ክሮቹ የሚገጣጠሙት አንድ በአንድ ነው። ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት ያስተካክላል፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀልጣል፣ ያዋሕዳል። በመካከላቸው ትንሽ አቧራ ከገባ ብርሃኑ እዚያው ይባክናል፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

(ከ"ያስተካክላል" እስከ "ያዋሕዳል" ያሉት ሦስት ግሶች የማሽኑ ስክሪን ላይ ካሉት ሦስት እንቅስቃሴዎች ጋር ይሂዱ። በ9 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ተራኪው እዚህ ላይ ምስሉን እያየ ቢቀዳ ይሻላል።)

ምስል፦ የክሊፕ 8 መጨረሻ። መገጣጠሚያው በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ በስክሪን ላይ የኤክስሬይ ምስሉ።
ትረካ፦ ከተሸፈነ በኋላ በኤክስሬይ ይታያል። በፕላስቲኩ ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ፣ ያ ሁሉ የውኃ ክብደት ሲያርፍበት ድካማቸው መና ይቀራል።

ምስል፦ ክሊፕ 9። የመጨረሻው መገጣጠሚያ ያለበት ኬብል ከመርከቧ ጎን በሁለት ገመድ ተንጠልጥሎ፤ ገመዶቹ ሲቆረጡ ሲሰምጥ።
ትረካ፦ ሁለቱ ጫፎች እስከ ላይ እንዲደርሱ አዲስ ርዝመት ስለተጨመረ፣ ኬብሉ ከቀድሞው ይረዝማል። እታች ሲደርስ ቀጥ ብሎ አይተኛም፤ በጎን ቀለበት ሠርቶ ያርፋል። ያ ቦታ በባሕር ካርታ ላይ ይመዘገባል፤ ቀጣዩ መርከብ በስህተት እንዳትጎትተው።

ምስል፦ አኒሜሽን 1 ተመልሶ፤ ተቋርጦ የነበረው መስመር ሲሞላ።
ትረካ፦ ከየብስ እንደገና ብርሃን ይላካል። ሌላኛው ጫፍ ላይ ከተነበበ፣ በሌሎች ኬብሎች ሲዞር የሰነበተው መረጃ ወደ ቀድሞ መንገዱ ይመለሳል።

(ትረካው ከምስሉ ከረዘመ ከታሪኩ ክፍል የንግሥቲቱን መልእክት ቀንሱ፤ ከክሊፕ 8 ግን አንድ ሰከንድም አይነካ። ካጠረ ደግሞ የክሊፕ 5 የመጀመሪያ 6 ሰከንዶች ያለ ድምፅ ይገባሉ።)