ላይ እየዘነበ ነው?

በሰልፍ ጊዜ እኔ ፊት ነኝ፤ ብሌን መጨረሻ ናት። በትምህርት ቤታችን ሰልፍ የሚያዘው በቁመት ስለሆነ፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሲወጣ ገመዱን የሚጎትተው ልጅ የጫማ ማሰሪያው የት ላይ እንደተቋጠረ ሳይቀር አያለሁ። ብሌን ደግሞ የሁላችንንም ጭንቅላት አሻግራ እስከ ጅሬን ኮረብታ ማየት ትችል ነበር። እሷ ግን የምታየው የራሷን ጫማ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን በአንድ ጃንጥላ እንሄድ ነበር ብል ዛሬ የሚያምነኝ የለም። ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት ቀረሁ፤ እሷ ግን በአንድ ክረምት ተመዘዘች። እናቷ እትዬ አልማዝ የቀሚሷን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ፈትታ አስረዝማላታለች። ሰማያዊው ዩኒፎርም ዝቅ ሲል የድሮው እጥፋት መስመር ሳይደበዝዝ እንደ ጠቆረ ይቀራል። ከጉልበቷ በታች ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ የዓምና፣ አንዱ የካቻምና። ብሌን ቦርሳዋን ወደ ፊት አዙራ በእነሱ ላይ ትይዘው ነበር። ቦርሳ ወደ ፊት የያዘ ሰው ደግሞ ይጎብጣል።

ስም አልጠፋላትም። አንቴና ተባለች፣ ቀጭኔ ተባለች። ከሁሉም የቆየባት ግን የናትናኤል ቀልድ ነው። ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ ስለሆነች ቀልዱ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። ደመና ባየ ቁጥር ከሰልፉ መሀል ዞሮ፣ «ብሌን፣ ላይ እየዘነበ ነው?» ይላታል። ክፍሉ ይስቃል። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ጊዜ እኔም ስቄያለሁ። እሷ መልስ አትሰጥም፤ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ትከትና አንድ እግሯን አጥፋ በአንድ ወገን ትቆማለች። በዓመቱ መጨረሻ የተነሳነው ፎቶ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ከእኔ ጋር ለመስተካከል ሞክራለች። ውሃ ልትቀዳ ያጎነበሰች እንጂ ፎቶ የምትነሳ አትመስልም።

እትዬ አልማዝ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትለቅም ነው የምትውለው። ጥቁሩን ፍሬ፣ የተነቀዘውን፣ የተሰበረውን እየለየች ከጠዋት እስከ ማታ አቀርቅራ ትቀመጣለች። ማታ ቤት ስትገባ ወገቧን ይዛ ግድግዳ ላይ ትደገፋለች። አንድ ቀን ብሌን በዚያው ግድግዳ አጠገብ ጎብጣ ቆማ ሳለ አየቻትና፣ «እኔስ የምጎብጠው በሥራ ነው፤ አንቺ ምን ለቅመሽ ነው?» አለቻት። ብሌን ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

አጎቴ ሸምሱ አናጺ ነው። ከአዌቱ ወንዝ አለፍ ብሎ በቆርቆሮ የተሠራ ትንሽ ሱቅ አለው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይሠራል፤ እንጀራው ግን በርና መስኮት ነው። ረዳቱ ለተሻለ ክፍያ አዲስ አበባ የሄደ ሰሞን ሄርማታ ውስጥ በአንድ አዲስ ቤት አራት የበር መቃን ሊያቆም ተዋዋለና ቅዳሜ ጠዋት እንድረዳው ጠራኝ። መቃን ሲቆም አንድ ሰው ላይ፣ አንድ ሰው ታች ያስፈልጋል። እኔ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጬ ቆምኩበት። ቆርቆሮው ተንገዳገደ፤ እኔም ተንገዳገድኩ፤ ቱንቢው ወድቆ የአጎቴን ጣት መታው። በኦሮምኛ ምን እንዳለ አልጽፍም።

«ረጅም ጓደኛ የለሽም?» አለኝ ጣቱን እየነፋ።

ብሌን መጣች። አጎቴ ገና ሲያያት አንድም ቃል ስለ ቁመቷ አልተናገረም። ሰው ሁሉ «ማነሽ አንቺ፣ ምን ትበያለሽ?» ስለሚላት እሱንም ጠብቃው ነበር። እሱ ግን ክሩን እጇ ላይ አኖረላትና፣ «ልጄ፣ ከላይኛው ምስማር ላይ ያዥልኝ» ብሎ ተንበረከከ። መቃኑ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ነው። ያለ ቆርቆሮ፣ ያለ መሰላል፣ እጇን ዘርግታ ደረሰችበት።

ቱንቢ ያላያችሁ ካላችሁ፣ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ሹል ብረት ነው። ክሩን ከላይ ከእንጨቱ ትንሽ አርቃችሁ ታንጠለጥሉታላችሁ፤ ብረቱ ወዲያ ወዲህ ብሎ እስኪረጋ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ በክሩና በእንጨቱ መካከል ያለው ርቀት ላይም ታችም ይለካል። እኩል ከሆነ መቃኑ ቀጥ ብሏል። ካልሆነ ከሥሩ ሽብልቅ ይገባል። ሥራው ይኸው ነው፤ ችግሩ መርጋቱ ላይ ነው።

ብሌን እንደ ልማዷ በአንድ እግሯ ቆመች። ክንዷ ዝቅ አለ፣ ክሩ ተንሸራቶ እንጨቱን ነካ።

«ነካ» አለ አጎቴ ከታች። «እንጨት የነካ ክር ይዋሻል። እንደገና።»

ቀና አለች። ብረቱ መወዛወዝ ጀመረ፤ ሁላችንም እሱን ማየት ጀመርን። ሊረጋ ሲል እሷ ደግሞ ጎበጠች።

«ነካ።»

በሦስተኛው ብሌን ተናደደችና እንደ ወታደር ተገተረች። ደረቷን ነፋች፣ ጉልበቷን ቆለፈች፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክሩም አብሮ። አጎቴ ተነሳና ትንሽ አያት። ከዚያ ብረቱን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይኼ ክር ቀጥ ያለው ተገትሮ አይደለም። አንድም ጉልበት አላወጣም። ከላይ አንድ ነጥብ ይዞታል፣ የቀረው ይወርዳል። ትከሻሽን ልቀቂው፤ ይውረድ። አንገትሽን ብቻ አትልቀቂ። ጉልበትሽንም ፍቺው። ሁለቱንም እግር መሬት ላይ አሳርፊ፤ ለአንዱ ምን ብለሽ ነው ሁሉን የምታሸክሚው?»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ስንት ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ የብሌን አንገት ያን ያህል ርዝመት እንዳለው አላውቅም ነበር። ብረቱ አንድ ጊዜ ትልቅ ዙር ዞረ፣ ከዚያ ትንሽ፣ ከዚያ ጫፉ የሲሚንቶው ወለል ላይ ካለች አንዲት ጠጠር ትክክል ቆመ። ማንም አልተነፈሰም። አጎቴ በሜትሩ ታችኛውን ለካ፣ ላይኛውን እሷ ለካች።

«አራት ሳንቲ ሜትር» አለች።

«አራት» አለ አጎቴ። «ምቺው።»

ምስማሩን የመታችው እሷ ናት። እኔ ሽብልቅ አቀባይ ሆኜ ዋልኩ።

ሦስተኛው በር ላይ ብሌን ጀርባዋን፣ በትከሻዎቿ መካከል፣ አመማት። አጎቴ፣ «ሠርቶ የማያውቅ ጡንቻ ሥራ ሲያገኝ ይጮኻል» ብሎ ዳቦና ሻይ አስመጣ። ሲመሽ ድርሻዋን ከፈላትና፣ በሱቁ ምሰሶ ላይ አስደግፎ በእርሳስ ቁመቷን ምልክት አደረገ። አንድ ሜትር ከሰባ ዘጠኝ። ለእኛ ሁልጊዜ የምትነግረን አንድ ሜትር ከሰባ ነበር። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የት ደብቃው እንደኖረች እግዚአብሔር ይወቅ።

አሁን፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሰኞ ግን ክፍል ገብተን ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ብሌን እንደገና ጎብጣ አገኘኋት። ልቆጣት ስል ጎንበስ ብዬ ከዴስኩ ሥር አየሁ። ጉልበቷ ከላይኛው ጣውላ ጋር ተላትሞ፣ እግሯን የምታደርግበት አጥታ ወደ ጎን አጣጥፋዋለች። ደብተሯ ደግሞ እምብርቷ አካባቢ ነው። ዴስኮቻችን ሁሉም አንድ ልክ ናቸው፤ ለእኔም ለእሷም። ለዓመታት ሰው ሁሉ ቀና በይ ሲላት፣ እኔ አጠገቧ የምቀመጠው እንኳ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም።

ለአጎቴ ነገርኩት። ከተረፈ የዋንዛ ጣውላ አራት ኩብ ቆረጠ፤ የዴስኩ እግር ገብቶ እንዳይንሸራተት መሀላቸውን ፈለፈለ፤ ከፍታቸው ስምንት ሳንቲ ሜትር። አለቃ መምህራችንን ያስፈቀደችው ብሌን ራሷ ናት፤ በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን የተናገረችው ጫማዋን እያየች አልነበረም። መምህሩ ኩቦቹን አገላብጠው አዩና፣ «የኋለኛው ረድፍ ላይ ከሆነ ማንንም አይከልልም» አሉ።

ማንንም አልከለለም፤ እኔን ግን ሰቀለኝ። አንድ ዴስክ፣ ሁለት ሰው ነዋ። እግሬ መሬት መንካት አቆመ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ዥዋዥዌ ላይ እንደተቀመጠ ሕፃን ተንጠልጥዬ ሒሳብ ተማርኩ። ክፍሉ የሚስቅበት አዲስ ሰው አገኘ። ብሌን የበሩን ሥራ ክፍያ ይዛ ራሷ አጎቴ ጋ ሄደችና የእግሬን ማሳረፊያ አሠራችልኝ። ሒሳቡን ግን አልተቀበላትም፤ በምትኩ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቱንቢ ትያዝለት ዘንድ ቀጠራት።

ከዚያ በኋላም አንዳንድ ቀን ትጎብጣለች። ፈተና ሲደርስ፣ ሆዷን ሲያማት፣ የማታውቃቸው ሰዎች በብዛት ካሉ። ያኔ እኔ ቀስ ብዬ «ነካ» እላታለሁ። ትከሻዋን ትለቃለች።

ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ተሰልፈናል። ሰማዩ ከብዷል። ናትናኤል፣ እንደ ልማዱ፣ ከመሀል ዞረ።

«ብሌን፣ ላይ እየዘነበ ነው?»

ጥቂቶች ሳቁ። እኔ ከፊት ሆኜ ዞር ብዬ ብመለከት፣ ከሰልፉ መጨረሻ ጭንቅላቷ ብቻ ሳይሆን ትከሻዋም ይታያል። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ነው። ጫማዋን አላየችም፣ ናትናኤልንም አላየችም፤ ከሁላችንም በላይ አሻግራ ወደ ጅሬን ተመለከተች።

«አዎ» አለች፣ ልክ ሰዓት እንደጠየቋት ሁሉ። «ኮረብታውን ሸፍኖታል። አሁን ወደ ታች እየወረደ ነው።»

ናትናኤል ወደዚያ ሊያይ በጣቶቹ ቆመ፤ የፊቱ ልጅ ከለለው። «የት? የት ደርሷል?» አለ።

«ጃንጥላ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው ሩጥ» አለችው።