የልጆቼ አባትና እኔ

ወዳጆቼ፣ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። እኔና የልጆቼ አባት ተለያይተናል። ፍቺው በስምምነት ነው፣ ፍርድ ቤትም ባለፈው ሳምንት አጽድቆታል።

ፎቶው የ1992 ዓ.ም. ነው፣ የመልሳችን ቀን፣ እዚሁ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር። ብዙዎቻችሁ ሚዜ ሆናችሁ፣ ድንኳን ተክላችሁ፣ ወጥ ሠርታችሁ ድራችሁናልና መስማት ይገባችኋል። ምክንያቱን ግን አልጽፍም፤ የሁለታችን ነው፣ እኛው ጋ ይቅር። ሽማግሌዎቻችን፣ ስንት እሁድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ለፍታችሁልናል፣ እግዜር ይስጥልን። ምክራችሁን ሰምተን፣ አስበንበት ነው።

ትዳራቸው ከሸፈ አትበሉ፣ እሱን አልቀበልም። ሦስት ልጅ ያሳደግንበት ትዳር ነው። አባቴ ሲታመም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጋቢውን ለብሶ አብሮኝ ያደረ፣ ጠዋት ከዚያው ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ነበር። ይሄ በፍቺ አይፋቅም።

ውሳኔው የተሰጠ ቀን ልጆቹን ይዘን አሞራ ገደል ወረድን። «ዛሬማ ለየብቻ ምሳ አንበላም» ያለው እሱ ነው። ዓሣ ጥብስ በዳጣ አዘዝን። ለትንሿ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ቀርቶ እንዳይሆን መልሶ በጣቱ እየዳሰሰ ያጎርሳት ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ትልቁ ልጃችን ዝም ብሎ ነበር የዋለው፤ ወደ ማምሻው ላይ ግን ከአባቱ ጋር ስለ ኳስ መከራከር ጀመረ፣ ያኔ እኔም ትንሽ ቀለለኝ።

ለሚጠይቁኝ ሁሉ ባጭሩ፦ እሱ አቶቴ አካባቢ ቤት ተከራይቷል፣ ልጆቹ ቅዳሜና እሁድ እዚያ ናቸው። ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ። እድሩ ላይ በየስማችን ተመዝግበናል፣ ስለዚህ ለቅሶ ላይ ሁለታችንንም ታገኙናላችሁ። እናቱ እናቴ ናቸው፤ ገና ሳልነግራቸው ሰምተው ደውለው «ቡናዬን የሚያፈላልኝ ማን ሊሆን ነው?» አሉኝ፤ እኔ ነኛ እማማ፣ እንደ ወትሮው።

አንድ ልመና አለኝ። እሱን አምታችሁ እኔን ለማጽናናት አትሞክሩ፣ እኔን አምታችሁም እሱን። ልጆቹን መንገድ ላይ ስታገኟቸው «አይዟችሁ» እያላችሁ አታሳቅቋቸው፣ ስለ ትምህርታቸው ጠይቋቸው፣ ሳቁ፣ ቀልዱ። ድግስ ሲኖራችሁም ሁለታችንንም ጥሩን፤ አንድ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አይከብደንም።

እኔ ደህና ነኝ። አለቅሳለሁም፣ እተኛለሁም። ሳገባ ያቋረጥኩትን የሒሳብ ትምህርት በማታው ክፍለ ጊዜ ልቀጥል ተመዝግቤያለሁ፣ ደብተር ገዝቻለሁ፣ በጣም ጓጉቻለሁ። መካከለኛዋ ልጃችን ደግሞ ዘንድሮ ትመረቃለች። የጥሪ ካርዱ ላይ የእሱም የእኔም ስም አለ፣ ሁላችሁም ተጠርታችኋል።